«ዝኒ ከማሁ»ን ለመጨረሻ ቀን አቆዩት

የግርጌ ማስታወሻ ላይ «ዝኒ ከማሁ» የሚያመለክተው ልክ ከላዩ ያለውን ምንጭ ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፉን ስታርሙ ነው። ማስታወሻ 12 የባሕሩ ዘውዴ መጽሐፍ፣ 13 ደግሞ «ዝኒ ከማሁ፣ ገጽ 48» ነበር እንበል። መሃል ላይ አንድ የጋዜጣ ምንጭ ስትጨምሩ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያስተካክላል፤ «ዝኒ ከማሁ» ግን ዝም ብሎ ጋዜጣው ላይ ይለጠፋል። አንባቢም የጋዜጣውን ገጽ 48 ሲፈልግ ይውላል።

ስለዚህ በረቂቁ ጊዜ ጭራሽ አትጻፉት። መጀመሪያ ሙሉውን መረጃ ስጡ፤ ከዚያ በኋላ «ባሕሩ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ 48» በቂ ነው። ይህ ማስታወሻ የትም ቢዛወር ምንጩን ይዞ ይሄዳል። አጭሩን ርዕስ አትተዉት፤ ከአንድ ደራሲ ሁለት መጽሐፍ ከጠቀሳችሁ «ባሕሩ፣ 48» የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። «ከላይ የተጠቀሰው» የሚለውም ያው ነው፤ አንባቢን ሠላሳ ገጽ ወደ ኋላ ያስገልጣል።

ቺካጎ የተባለው የጽሑፍ አዘገጃጀት መመሪያም ከ2017 እትሙ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጭሩን ቅርጽ ይመርጣል። አማካሪያችሁ የግድ «ዝኒ ከማሁ» ካለ፣ እርማቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ አስገቡት። ከላዩ ያለው ማስታወሻ ሁለት ምንጭ ከያዘ ግን ያኔም አይሠራም።