ፓወር ሩል ኤክስፖነንቱ ኔጌቲቭ ወይም ፍራክሽን ሲሆን

አራት ኪሎ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። x⁵ ስሰጣቸው 5x⁴ ለማለት ጊዜ አይፈጅባቸውም። ነገሩ የሚበላሸው ኤክስፖነንቱ ሲቀየር ነው።

ችግር፦ የ x⁻² ዴሪቬቲቭ −2x⁻¹ ሆኖ ይመጣል

ምክንያቱ "አንድ ቀንስ" የሚለው "ቁጥሩን አሳንስ" ተብሎ መያዙ ነው። 5 ወደ 4 ከወረደ 2ም ወደ 1 ይወርዳል ብለው ያስባሉ፤ የኔጌቲቭ ምልክቱ ይረሳል። ግን −2 − 1 = −3 ነው። መልሱም −2x⁻³ ይሆናል። መቀነሱን በቃል ከመሥራት ከጎን መጻፍ ይሻላል።

ጥርጣሬ ካለ ካልኩሌተር ያውጡ። x = 2 ሲሆን x⁻² ማለት 0.25 ነው። x = 2.01 ሲሆን 0.24752 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ለ0.01 ያካፍሉት፤ −0.248 አካባቢ ይመጣል። −2x⁻³ እዚያ ቦታ ላይ −0.25 ይሰጣል፣ የተሳሳተው ግን −1። በጣም ይራራቃሉ።

ችግር፦ መልሱ ትክክል ነው፣ "ለምን?" ሲባል ግን ዝም

እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የሚታየው ማረጋገጫ (x + h)ⁿ ን ዘርዝሮ የሚሠራ ነው። እሱ የሚያገለግለው n ሙሉ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። x ን በራሱ 2/3 ጊዜ ማባዛት የሚባል ነገር የለማ!

መፍትሄው ጥያቄውን ወደ ሙሉ ቁጥር መመለስ ነው። y = x^(2/3) ይሁን። ሁለቱንም ወገን ኪዩብ ስናደርግ ፍራክሽኑ ይጠፋል፦

```
y³ = x²
3y² · y' = 2x
y' = 2x / (3y²)
y' = 2x / (3x^(4/3))
y' = (2/3) · x^(−1/3)
```

ሁለተኛው መስመር ላይ 3y² ብቻ ጽፎ y' ን መርሳት የተለመደ ነው። y ራሱ የ x ፈንክሽን ስለሆነ ቻይን ሩል ያስፈልጋል። አራተኛው መስመር ደግሞ y² = x^(4/3) ከመሆኑ የመጣ ነው።

ለኔጌቲቩም መንገዱ ያው ነው። y = x⁻² ከሆነ x²y = 1 ነው። በፕሮዳክት ሩል 2xy + x²y' = 0፤ ከዚያ y' = −2y/x = −2x⁻³።

አንድ ነገር ግን እንዳይታለፍ። ይህ አሠራር y' መኖሩን አስቀድሞ ይወስዳል። ለ x^(2/3) ይህ ከዜሮ ውጪ ትክክል ነው፤ የኪዩብ ሩት ግልባጭ የሆነው t³ ከዜሮ ውጪ ስሎፑ ዜሮ ስለማይሆን።

ችግር፦ x = 0 ላይ ቀመሩ እምቢ ይላል

ቀመሩ አልተበላሸም። x^(2/3) ዜሮ ላይ ዋጋ አለው፣ ዴሪቬቲቭ ግን የለውም። በሊሚት ሲታይ h^(2/3)/h = 1/h^(1/3) ነው። h ከቀኝ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወደ +∞፣ ከግራ ሲጠጋ ወደ −∞ ይሄዳል። ግራፉ እዚያ ጋ ሹል ነው። ፈተና ላይ ዜሮ ላይ ያለውን ዴሪቬቲቭ ከጠየቁ መልሱ "የለም" ነው እንጂ 0 አይደለም።