ፓምፑ ይሠራል፣ ታንከሩ ግን አይሞላም

ፓምፑ ያለችግር ይዞራል፤ ታንከሩ ውስጥ ግን ውሃው ከፍ አይልም። ማጣሪያውን አጠብን፣ አየር አስወጣን፣ የሞተሩን የዙር አቅጣጫም አየን። ለውጥ የለም።

በመጨረሻ የቧንቧ መስመሩን ሥዕል ዘርግቼ፣ ከፓምፑ ክብ ምልክት ጀምሬ ቀስቶቹን በጣቴ ተከተልኩ። ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ ከሚያግደው ቼክ ቫልቭ በኋላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ታንከሩ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ወደ ፓምፑ መሳቢያ ይመለሳል። ተመላሹ ላይ ፓፒዮን የመሰለ የቫልቭ ምልክት አለ፤ ውስጡ ጥቁር ነው። በእኛ ሥዕል ጥቁር ማለት መስመሩ በመደበኛ ሁኔታ ሲሠራ ዝግ፣ ባዶ ማለት ክፍት ነው። ቦታው ላይ ሳየው ግን የቦል ቫልቩ እጀታ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ነው፤ ክፍት ነዋ! ውሃው እዚያው ሲሽከረከር ነው የከረመው። ዘጋሁት፣ ታንከሩ መሙላት ጀመረ።

ምልክቶች ከሥዕል ሥዕል ስለሚለያዩ መጀመሪያ የምልክት መግለጫውን ገጽ እዩ። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቻ ያለበት ብዙውን ጊዜ ግሎብ ቫልቭ ነው፤ ዝግ ነው ማለት አይደለም።