አስተያየቱን የጻፈው ሰው ነው ማሽን? ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሄድፎን ልትገዙ ነው እንበል። ከዕቃው ሥር ካሉት ባለ አምስት ኮከብ አስተያየቶች የመጀመሪያው እንዲህ ይላል።

«መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሬ ነበር፤ ግን ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት። የድምፁ ጥራት ግሩም ነው፣ ምቾቱ ልዩ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። ማሸጊያው ቢሻሻል ጥሩ ነበር። ጥራት ያለው ሄድፎን ለሚፈልግ ሁሉ እመክራለሁ።»

ለብቻው ሲነበብ ምንም አይልም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያው ስህተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

አንዱን ብቻ አንብቦ መፍረድ

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ቺካጎ ሆቴሎች የተጻፉ 400 እውነተኛና 400 የሐሰት አስተያየቶች ሰበሰቡ። የሐሰቶቹን የጻፉት ተከፍሏቸው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ የተወሰኑትን አንድ በአንድ እያነበቡ እንዲለዩ የተጠየቁት ሰዎች በግምት ከመመለስ ብዙም አልተሻሉም። የሰው ውሸት እንኳ እንዲህ ከተደበቀ፣ ሰዋስው የማይስተው እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ማሽን የጻፈውን ከአንድ አንቀጽ ለይቶ ማውጣት የበለጠ ይከብዳል።

ማሽን የጻፈው አስተያየት የሚጋለጠው ከወንድሞቹ ጋር ሲሰለፍ ነው። ሁለተኛውን እንይ።

«ብዙ ሄድፎኖች ሞክሬ ስላላረኩኝ ብዙም አልጠበቅኩም ነበር። ይሄ ግን አስገረመኝ! ድምፁ ጥርት ያለ፣ አያያዙ ምቹ፣ ባትሪውም አስተማማኝ ነው። መመሪያው ትንሽ አጭር ነው፤ ቢሆንም ለማንኛውም ሙዚቃ ወዳድ ይሆናል።»

አንድም ዓረፍተ ነገር አልተደገመም። አጥንቱ ግን ያው ነው። ጥርጣሬ፣ መገረም፣ ሦስት ምስጋና፣ አንድ ቀላል ጉድለት፣ «ለሁሉም ይሆናል»። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ለማሽኑ ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሞ ይሰጠዋል። ማሽኑ በየጊዜው ቃላቱን ይቀያይራል፣ ቅርጹ ግን ብዙ ጊዜ አይለወጥም።

ስለዚህ አሥር ያህል ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ምረጡና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ሥራውን በአንድ ቃል ጻፉ። «ጥርጣሬ»፣ «ምስጋና»፣ «ጉድለት» እያላችሁ። ሰዎች ሲጽፉ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። አንዱ በብሶት ይጀምራል፣ ሌላው ስለ ቀለሙ ብቻ አውርቶ ያቆማል። ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ አንድ መስመር ይዘው ከሄዱ፣ በዚያ ላይ ቀናቸው ከተቀራረበ፣ እኔ ያንን ክምር እንዳለ እተወዋለሁ።

አጭሩን መጠርጠር

«ጥሩ ነው፣ ቶሎ ደረሰ» የሚል አስተያየት ሲያዩ «ይሄ የውሸት ነው» የሚሉ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚጽፈው ቸኩሎ ኮከቡን ነክቶ የሚወጣ ሰው ነው። አይጠቅማችሁም እንጂ አያታልላችሁም። የሚያሳስበው ረጅም ሆኖ ባዶ የሆነው ነው። እሱን ለመለየት «ሄድፎን» የሚለውን አውጥታችሁ «ብርድ ልብስ» ብላችሁ አንብቡት። «ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት፣ ምቾቱ ልዩ ነው፣ ለሚፈልግ ሁሉ እመክራለሁ።» ምንም ሳይጎረብጥ ካለፈ ጸሐፊው ስለ ሄድፎን ምንም አልነገራችሁም።

ቁጥር ስላለበት ማመን

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ዝርዝር ያለው እውነተኛ ነው» የሚለው ምክር በግማሽ ብቻ ይሠራል፤ ማሽኑም ዝርዝር ያውቃልና። ሻጩ የዕቃውን ገጽ እንዳለ ይሰጠዋል። ገጹ ላይ ባትሪው 30 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ከተጻፈ፣ አስተያየቱ «የ30 ሰዓቱ ባትሪ አስደነቀኝ» ይላል። የዕቃው ስም እስከ ሞዴል ቁጥሩ ሳይጎድል ሲጠራም ታያላችሁ። ሰው ስለ ሄድፎኑ ሲያወራ ግን «ይሄ ነገር» ወይም «ሄድፎኑ» ነው የሚለው።

ጠቃሚው ጥያቄ፣ ይህ ዝርዝር ከገጹ ላይ ሊገኝ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ይሄን ደግሞ ተመልከቱ።

«መነጽር ስለማደርግ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጆሮዬን ያመኛል። ስልኬ የኋላ ኪሴ ውስጥ ሲሆን መንገድ ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቤት ውስጥ ግን ደህና ነው። የምሞላው በአራት ቀን አንዴ ነው።»

30 ሰዓት የሚል ቁጥር የለም፤ ስለ ባትሪው ግን ከገጹ የበለጠ ነገረን። የመቆራረጡም ነገር ስሜት ይሰጣል። የብሉቱዝን ሞገድ የሰው ገላ ይውጠዋል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያንጸባረቀ ይመልሰዋል፣ ደጅ ላይ ግን የሚመልሰው ያንሳል። ይሄ ዕቃውን ለብሶ የወጣ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዕቃውን ገጽ በአንድ በኩል፣ አስተያየቱን በሌላ በኩል ክፈቱ። ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ከአስተያየቱ ሰርዙ። ቀጥሎ የምስጋና ቃላቱን ሰርዙ። የቀረውን አንብቡ። ከላይ ያሉት ሁለት አስተያየቶች እንዲህ ሲሠራባቸው የሚቀረው ማሸጊያና መመሪያ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማሽኑ ታሪክም ይፈጥራል። «ለባለቤቴ ልደት ገዛሁት፣ ለሥራ ስጓዝ ይዤው ሄድኩ» ይላል። የ2011ዱ ጥናት ላይ ያየሁት ነገር እዚህ ይረዳኛል። የሐሰት ጸሐፊዎቹ አብረዋቸው ስለነበሩት ሰዎችና ስለ ጉዟቸው ዓላማ ሲያወሩ፣ እውነተኞቹ ስለ መታጠቢያ ቤቱና ስለ ክፍሉ ስፋት ያወሩ ነበር። ማን እንደገዛውና ለምን እንደገዛው መናገር ዕቃውን መግለጽ አይደለም። ጎበዝ አታላይ የዕቃውንም ዝርዝር ሊያስፈጥር ይችላል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ያው ችግር በሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ አነጋገር መጠቀሱን ማየት ነው።

በሰዋስው መፍረድ

ንጹሕ ጽሑፍ የማሽን፣ ስህተት ያለበት የሰው ነው ማለት አያስኬድም። ብዙ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ይጽፋል፣ ወይም በተርጓሚ መተግበሪያ ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት የማሽን ጽሑፍ መለያ ፕሮግራሞች ሰጡ። በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ማሽን ነው የጻፋቸው» ተባሉ። አስተያየቱን ገልብጦ ወደ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መወርወር የማልመክረው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት አማዞን ላይ As an AI language model፣ ማለትም «ሰው ሠራሽ የቋንቋ ሞዴል እንደመሆኔ» የሚል ሐረግ ሳይሰረዝ የቀረባቸው አስተያየቶች ተገኝተዋል። እንዲህ የሚያዘው ግን ያልተጠነቀቀው ብቻ ነው።

ጉድለት ስለጠቀሰ ወይም ምልክት ስላለው መተማመን

ማሸጊያው ይሻሻል የሚል ጉድለት ማንንም ከመግዛት አያስቀርም። ጉድለቱ የተወሰነ ሰውን «ይሄማ ለእኔ አይሆንም» ካላሰኘ ጌጥ ነው። «የተረጋገጠ ግዢ» የሚለው ምልክትም የሚነግራችሁ በዚያ አካውንት ዕቃው መገዛቱን ብቻ ነው። ሻጩ ከጀርባ ገንዘቡን መልሶ ይሆናል። ባለ አንድ ኮከቡም ከዚህ አያመልጥም። ተፎካካሪ በማሽን ያስጻፈው ወቀሳ «ጥራቱ ወረደ፣ ገንዘቤ ባከነ» ብሎ ያልፋል፤ ምኑ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደተበላሸ አይናገርም።

ወደ ሄድፎናችን ስንመለስ፣ እኔ ቀጥሎ የምከፍተው ባለ ሦስት ኮከቦቹን ነው። ኮከብ ለማብዛትም ሆነ ለማውረድ የሚከፍል ሰው እዚያ ብዙም አይደክምም። እዚያ ሌላ መነጽር የሚያደርግ ሰው፣ በሌላ ወር፣ «የመነጽሬን ክንድ ይጫነዋል» ብሎ ጽፎ ባገኝ፣ ሁለቱ ለእኔ ይበቁኛል። እኔም መነጽር አደርጋለሁ፤ አልገዛውም።