ከዳሽቦርዱ ኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ

የመኪናችሁ ሂተር ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ሙቀቱን ስትቀይሩም ከዳሽቦርዱ ኋላ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ቴርሞስታት ለመቀየር አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የተበላሸችው ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚቀላቅለውን በር የምታዞረው ትንሽ ሞተር ናት። የፕላስቲክ ጥርሶቿ ሲሸረፉ እሷ ትዞራለች፣ በሩ ግን አይንቀሳቀስም።

ባለፈው ክረምት ሚኒሶታ ያለው የወንድሜ መኪና ቀዝቃዛ ብቻ ይነፋ ጀመር። የመኪናው ዋና ሞተር ሲሞቅ ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ነካ አደረግን። ሁለቱም ትኩስ ናቸው። እንግዲህ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሂተሩ ውስጥ እየዞረ ነው ማለት ነው። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ኪስ አውጥተን ትንሿን ሞተር በጣት ስንነካት፣ ድምፁ በመጣ ቁጥር ትነዝራለች። ተገኘች!

አዲሷን ከማሰራችሁ በፊት የበሩን ዘንግ በእጅ አዙሩት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀላሉ ካልዞረ በሩ ራሱ ተጣብቋል፤ አዲሷም ጥርሷ ይረግፋል። ከታሰረች በኋላ ቁልፉን ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ መኪኖች ላይ የበሩን ጫፎች ራሷ ፈልጋ ታገኛለች።