ተማሪው ስቷል፤ ግን ምን አስቦ ሳተ? የኃይልና የእንቅስቃሴ ምርጫ ጥያቄዎች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ፈተና ስናወጣ የጋራ ልማድ አለን። ትክክለኛውን መልስ በጥንቃቄ እንጽፋለን፤ የቀሩትን ሦስት ምርጫዎች ግን እጃችን ላይ በመጣው ነገር እንሞላቸዋለን። ፈተናው ታርሞ ሲያልቅ ማን እንደሳተ እናውቃለን፤ ምን አስቦ እንደሳተ ግን አናውቅም። ይህን የሚነግረን የስህተት ምርጫው ነበር። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ችግሮች በኃይልና እንቅስቃሴ ጥያቄዎች ላይ ደጋግመው የሚታዩ ናቸው።

ምልክት፦ ሁሉም ተማሪ ያገኘዋል፤ የስህተት ምርጫዎቹን ማንም አይነካቸውም

እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ። አንድ ኳስ ቀጥታ ወደ ላይ ተወርውሮ ከእጅ ከተለየ በኋላ የሚያርፍበት ኃይል የትኛው ነው? ሀ) የመሬት ስበት፣ ለ) የማግኔት ኃይል፣ ሐ) የኤሌክትሪክ ኃይል፣ መ) የኒውክሌር ኃይል። ክፍሉ በሙሉ «ሀ» ይላል፤ መምህሩም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

መንስኤው፦ ሦስቱ ምርጫዎች የተለቀሙት ከመጽሐፍ ማውጫ ነው እንጂ ከተማሪ ጭንቅላት አይደለም። ኳስን ማግኔት ይስበዋል ብሎ የሚያምን ልጅ የለም።

መፍትሄው፦ ምርጫ ከመጻፍዎ በፊት ያንኑ ጥያቄ ያለ ምርጫ ይስጡ። ወረቀት ላይ ኳሱን እንዲስሉ፣ የሚያርፉበትን ኃይሎች በቀስት እንዲያሳዩና ምክንያታቸውን በአማርኛ እንዲጽፉ ይጠይቁ። በአማርኛ ማለቴ በምክንያት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ከመጽሐፍ የሸመደደውን ሐረግ ይገለብጣል፤ በአማርኛ ሲጽፍ ግን የሚያምነውን ያወጣዋል። ስም አያስፈልግም፤ ነጥብም አይሰጥበትም።

ወረቀቶቹን በሐሳብ ሲለዩ ሦስት የስህተት ክምር ያገኛሉ። የመጀመሪያው «የእጁ ኃይል ኳሱ ውስጥ አለ፤ ወደ ላይ ሲሄድ እያለቀ ይመጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ ኃይሉ ወደ ላይ ነው፤ ጫፍ ላይ ሲቆም ምንም ኃይል የለም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የእጅ ኃይል እስኪያልቅ ስበት አይጀምርም» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ የያዙ ልጆች ሞኞች አይደሉም። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን ለዚህ በጣም የቀረበ ሐሳብ በቁም ነገር አስተምረዋል።

የስህተት ምርጫዎችዎን ከእነዚህ ክምሮች ይውሰዱ፤ አጻጻፋቸውንም በተቻለ መጠን በልጆቹ ቃል ይተዉት። «እየቀነሰ የሚሄድ የእጅ ኃይል» የሚለው ሐረግ ያን ሐሳብ የያዘውን ልጅ በቀጥታ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ከመቶ አምስት ተማሪ እንኳን የማይመርጠውን ምርጫ ያውጡት። አራተኛ ምርጫ ካልተገኘ ሦስት ይበቃል፤ ቦታ ለመሙላት ብቻ የተጻፈ ምርጫ ወረቀት ከማባከን ውጪ ሥራ የለውም።

ምልክት፦ በምርጫው ያገኘው ተማሪ ሲያስረዳ ፍጹም ሌላ ነገር ይናገራል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ውጤቱ መልካም ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም።

መንስኤው፦ የተሳሳተው ሐሳብና ትክክለኛው ሐሳብ ወደ አንድ ምርጫ ያደርሳሉ። ጥያቄው ስለሚወርደው ኳስ ነው እንበል። «ስበት እጅ ሲደክም ይጀምራል» የሚለው ልጅ ኳሱ ሲወርድ ስበት ብቻ አለ ይላል። «ኃይል ሁልጊዜ ወደ እንቅስቃሴው አቅጣጫ ነው» የሚለውም ወደ ታች የሚስብ ኃይል ብቻ አለ ይላል። ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ጥያቄው እንኳን ሊለያቸው፣ አመስግኖ ይሸኛቸዋል።

መፍትሄው፦ ጥያቄውን ለክፍል ከማቅረብዎ በፊት እያንዳንዱን የተሳሳተ ሐሳብ የያዘ ተማሪ ሆነው ራስዎ ይመልሱት። ከላይ ያሉትን ሦስት ሐሳቦች በሦስት ቅጽበቶች እንሞክራቸው፦ ኳሱ ሲወጣ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሲወርድ። የአየር ግጭትን እንተወው።

«የእጅ ኃይል እያለቀ ነው» የሚለው ልጅ፣ ሲወጣ የእጅም የስበትም ኃይል አለ፣ የእጁ ይበልጣል ይላል። ጫፍ ላይ ሁለቱ እኩል ሆኑ ይላል። ሲወርድ ስበቱ በለጠ ይላል።

«ኃይል ወደ እንቅስቃሴው ነው» የሚለው፣ ሲወጣ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል፣ ጫፍ ላይ ምንም፣ ሲወርድ ወደ ታች የሚስብ ኃይል ይላል።

«ስበት ዘግይቶ ይጀምራል» የሚለው፣ ሲወጣ የእጅ ኃይል ብቻ፣ ሲወርድ ስበት ብቻ ይላል። ጫፍ ላይ ይወላውላል፤ አንዱ «ምንም የለም» ሲል ሌላው «ስበት አሁን ጀመረ» ይላል።

ትክክለኛው መልስ በሦስቱም ቅጽበት አንድ ነው፤ ስበት ብቻ፣ ወደ ታች፣ ሳይለዋወጥ።

አሁን ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ሲወርድ የሚጠይቅ ጥያቄ ሁለቱን ሐሳቦች ከትክክለኛው አይለይምና ይጣል። ሁለተኛ፣ «የተጣራው ኃይል ወደየት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሐሳብ ባለቤቶች ሲወጣ «ወደ ላይ»፣ ጫፍ ላይ «ዜሮ»፣ ሲወርድ «ወደ ታች» እያሉ አንድ መልስ ይሰጣሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኞቹ ኃይሎች አሉ የሚለው ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ቅጽበት ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። ሲወጣ መጠየቅ የመጀመሪያውን ከሌሎቹ ይለያል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን እዚያ ላይ ሁለቱም ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ብቻ ይላሉ። ጫፍ ላይ መጠየቅ ደግሞ «ሁለት እኩል ኃይሎች» የሚለውን «ምንም» ከሚለው ይለያል፤ ከወላዋዮቹም የተወሰኑትን ያጋልጣል። ሁለቱ ጥያቄዎች ጥንድ ሆነው ይሰጡ፤ የሚነበበውም የጥንዱ መልስ ነው።

ጫፍ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ኳሱ የመጨረሻው ከፍታ ላይ በደረሰበት ቅጽበት የሚያርፍበት ኃይል የትኛው ነው? የአየር ግጭት የለም።
ሀ) ምንም ኃይል የለም፤ ኳሱ ለቅጽበት ቆሟልና።
ለ) ወደ ላይ የእጅ ኃይል፣ ወደ ታች ስበት፤ ሁለቱ እኩል ናቸው።
ሐ) ወደ ታች ስበት ብቻ፤ መጠኑም ኳሱ ሲወጣ ከነበረው ጋር እኩል ነው።
መ) ወደ ታች ስበት ብቻ፤ ኳሱ ሲወጣ ግን ስበት አልነበረም።

«መ» ላይ የተጨመረችው ሐረግ ሦስተኛውን ሐሳብ ከትክክለኛው የምትለየው ናት። እሷ ከሌለች የዘገየ ስበት የሚታየው ልጅ «ሐ»ን ይመርጥና ከእጃችን ያመልጣል።

ምልክት፦ የሳቱት በሙሉ አንድ ምርጫ ላይ ተከምረዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይታወቅም

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመጣ አይሱዙ የቆመ ባጃጅ ገጨ፤ በግጭቱ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ያሳረፈው ኃይል እንዴት ይነጻጸራል? አብዛኛው ተማሪ የአይሱዙው ይበልጣል ይላል። ትክክለኛው እኩል ናቸው ነው። ባጃጁ የሚጎዳው የበለጠ ኃይል ስላረፈበት አይደለም፤ መጠነ ቁሱ አነስተኛ ስለሆነ ያው ኃይል ፍጥነቱን በብዙ ይለውጠዋል፤ አካሉም ደካማ ነው።

መንስኤው፦ አይሱዙው ትልቅም ነው፣ ተንቀሳቃሽም ነው። «ትልቅ የበለጠ ይገፋል» የሚለውና «የሚንቀሳቀሰው ነው የሚገፋው» የሚለው ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች አንድ ምርጫ ውስጥ ተደብቀዋል። የሚያስፈልጋቸው ትምህርትም የተለያየ ነው።

መፍትሄው፦ ሁለቱን ምክንያቶች ያፋልሙ። ባጃጁ እየሄደ የቆመውን አይሱዙ ይግጨው። አሁን በመጠን የሚያምነው የአይሱዙው ኃይል ይበልጣል ይላል፤ በእንቅስቃሴ የሚያምነው የባጃጁ ይበልጣል ይላል። «የቆመ መኪና ኃይል አያሳርፍም፤ ዝም ብሎ መንገድ ዘጋ እንጂ» ለሚለውም ሦስተኛ ምርጫ ይስጡት። ይህን ዘዴ ሌላም ቦታ ያስፈልግዎታል፤ የስህተት ምርጫ ውስጥ «ምክንያቱም» ሁለት ጊዜ የሚገባ ከሆነ ለሁለት ይክፈሉት።

ምልክት፦ ጎበዙ ተማሪ ተከራክሮ ያሸንፋል፤ ሰነፉ ሳያነብ ያገኛል

የመጀመሪያው የሚሆነው ጥያቄው ቅጽበቱን ወይም ሁኔታውን ሳይወስን ሲቀር ነው። «ሲወረወር» የሚለው ቃል ኳሱ ገና እጅ ላይ እያለ ያለውንም ጊዜ ሊያካትት ይችላል፤ ያኔ የእጅ ኃይል በእርግጥ አለ። «ከእጅ ከተለየ በኋላ» ይበሉ፤ አየሩንም በግልጽ ያውጡት። ሁለተኛው የሚሆነው ትክክለኛው ምርጫ ከሁሉም ረዝሞና ተብራርቶ ሲጻፍ፣ የስህተቱ ምርጫ ደግሞ «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» ሲጠግብ ነው። ርዝመታቸውን ያቀራርቡ። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን እኔ ጨርሶ አልጠቀምበትም፤ የመረጠው ልጅ የቱን እንዳመነ አይናገርምና።

እግረ መንገዴን፣ መልሱን እጅ በማስወጣት አይሰብስቡ። በተጨናነቀ ክፍል ከኋላ ያሉት የሚያወጡት ከፊት ያሉትን አይተው ነው። ፊደል የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች።

ምልክት፦ በኳሱ ጥያቄ ያገኘው ልጅ በሌላ ጥያቄ ያንኑ ስህተት ይሠራል

መንስኤው፦ ብዙ ጊዜ ጥያቄው አይደለም የተበላሸው። የጀማሪ ሐሳብ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል፤ ወደ ላይ በተወረወረ ኳስ «ስበት ብቻ» ያለ ልጅ መሬት ላይ በሚንከባለል ነገር የእጅ ኃይልን መልሶ ያመጣዋል። በገና ጨዋታ በዱላ የተመታችውን ሩር ይስጡትና ይመልከቱ። ሜዳው ላይ እየተንከባለለች ፍጥነቷ ሲቀንስ «የዱላው ኃይል እያለቀ ነው» ይላል። ዱላውን ከለቀቀች በኋላ ያሉት ስበት፣ ሜዳው ወደ ላይ የሚደግፍበት ኃይልና እንቅስቃሴዋን የሚቃወም ሰበቃ ብቻ ናቸው፤ ወደፊት የሚገፋ ምንም የለም።

መፍትሄው፦ በአንድ ጥያቄ ብቻ «ይህ ልጅ ይህን ያምናል» ብለው አይፍረዱ። ለአንድ ሐሳብ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ሁኔታ ያላቸው ጥያቄዎች ይጻፉና በፈተናው ውስጥ አራርቀው ያስቀምጧቸው። ኳሱና ሩሯ ተከታትለው ከመጡ ሁለተኛውን የሚመልሰው የመጀመሪያውን በመቅዳት ነው። በሁለቱም ያንኑ የስህተት ሐሳብ የመረጠው ልጅ ሐሳቡ ሥር ሰዷል። በአንዱ ብቻ የሳተውን ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው «እዚህ የእጅ ኃይል የለም ብለህ ነበር፤ እዚህ የዱላው ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁት።