ከጀማ ሸለቆ የመጣው ድንጋይ፦ ኳርትዝ ወይስ ካልሳይት?

አጎቴ ከጀማ ሸለቆ ቁልቁለት ያነሱት፣ ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍና ጫፉ የሾለ ድንጋይ ምንነት ሲያከራክረን ከርሞ አሁን ካልሳይት መሆኑ ተለይቷል። ቀለሙ አልጠቀመንም፤ ኳርትዝም ካልሳይትም ጥርት ያሉ፣ ነጭ ወይም ቢጫማ ሊሆኑ ይችላሉና። ባለ ስድስት ጎን ሹል መሆኑ ኳርትዝ ቢያስመስለውም፣ ካልሳይትም ብዙ ጊዜ ሾሎ ስለሚያድግ ቅርጽ ብቻውን አይበቃም። የሁለቱም ገጽ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

ጉዳዩን የቆረጠው ስብራቱ ነው። ከጥጉ ትንሽ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልለን በመዶሻ ስንመታው፣ የደቀቁት ስባሪዎች ሳይቀሩ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ሳጥን መሰሉ፤ ጎኖቻቸው ጠፍጣፋ ሲሆኑ፣ የየጎኑ ማዕዘኖች ወደ 78 እና 102 ዲግሪ ይጠጋሉ። ኳርትዝ ግን እንዲህ ባለ ቀጥተኛ ገጽ አይሰነጠቅም፤ እንደ ባልጩት ጎድጎድ ብሎ፣ በክብ መስመሮች ይሰበራል።

ለማረጋገጥ አዲስ የተሰበረውን ገጽ በቢላዋ ጫርነው፤ በቀላሉ ተጫረ፣ ኳርትዝን ግን ተራ ቢላዋ አይጭረውም። ከዚያም ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ስናንጠባጥብ፣ እንደ ኖራ ድንጋይ አረፋ አወጣ፤ ንጹህ ኳርትዝ ግን አያወጣም። ይህን ሙከራ በውጭው ቅርፊት ላይ ማድረግ ያሳስታል፤ ሸለቆው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ስላለው፣ ኖራ የለበሰ ኳርትዝም አረፋ ሊያወጣ ይችላል። በመጨረሻም ጥርት ያለውን ስባሪ በወረቀት ላይ በተሰመረ መስመር ላይ ስናስቀምጠው መስመሩ ሁለት ሆኖ ታየ፤ ይህም የካልሳይት የታወቀ ጠባይ ነው።

አጎቴም «ታዲያ የኖራ ዘመድ ነው በለኛ» ብለው፣ ሊሸጡት ያሰቡትን መስኮቱ ላይ አኖሩት።