መልእክቱ ደርሶ ገንዘቡ ካልደረሰ፦ ባለሱቅ ክፍያን እንዴት ያጣራል?

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሱቁ ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ዘይት፣ ሩዝና ስኳር አስመዝኖ 9,400 ብር ሆነበት። «እትዬ፣ በንግድ ባንክ ላስገባልዎ» አለና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሒሳብ ቁጥር በስልኩ አነሳ። «ሲገባ እንዲያዩት ስልክዎን ይንገሩኝ» ብሎም ጠየቀ። ወዲያው የባለሱቋ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ስሟን ይጠራል፤ «Credited with ETB 9,400.00» ይላል፤ በFT የሚጀምር የግብይት ቁጥርም አለው። ልጁ ጆንያውን አንስቷል።

ሴትዮዋ ግን ዕቃ ከማስረከቧ በፊት ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር አላት፤ *889# ደውላ ቀሪ ሒሳቧን ራሷ ታያለች። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት በደብተሯ የጻፈችው 31,260 ብር ነበር። ቀን ላይ አንድ ደንበኛ 1,850 አስገብቶላታል፤ ድምሩ 33,110 ነው። ስልኩ ያሳያትም ያንኑ 33,110 ብር ነው። ከልጁ የገባ አንድም ሳንቲም የለም።

«ኔትወርክ ነው እትዬ፣ ይዘገያል» አላት። «እሺ ልጄ፣ እስኪገባ ዕቃው እዚህ ይቆይልህ» አለችው። «ጓደኛዬን ልጥራ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ይህ ልማድ የሚሠራው አጭበርባሪው ሊያውቀው በማይችለው ነገር ላይ ስለሚቆም ነው። ስምና የሒሳብ ቁጥር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስልኩን ራሳችን ነግረነዋል። የመልእክቱን አጻጻፍ ደግሞ ከራሱ ስልክ ይገለብጠዋል። በሒሳባችን ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ግን ከየትም አያገኘውም። በዚያች ማታ የመጣው መልእክት መጨረሻ ላይ «Current Balance» ብሎ 52,914.30 አስፍሮ ነበር። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆን 33,110 ሲደመር 9,400፣ ማለትም 42,510 መሆን ነበረበት። ልጁ ቁጥሩን ገምቶ ነው የጻፈው።

አሠራሩን ለመያዝ መጀመሪያ የሞባይል ባንክ አገልግሎቱን ቅርንጫፍ ሄዶ ማስከፈት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ይህን ይመስላል፦

1. ጠዋት ሱቅ እንደከፈቱ ቀሪ ሒሳብዎን አይተው ደብተር ላይ ይጻፉ። በቀን ውስጥ በስልክ የገባውንም የወጣውንም ከሥሩ ያስከትሉ።

2. ደንበኛው «አስገብቻለሁ» ሲል ዕቃው ከባንኮኒው ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው አንዴ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ማጣራት ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል።

3. በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ እጅ *889# ይደውሉ ወይም የባንኩን መተግበሪያ ይክፈቱ። በቴሌብር ከሆነ *127# ነው። ደንበኛው «እኔ ልክፈትልዎ» ቢል ስልኩን አይስጡት፤ የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገቡም ዞር ይበሉ። መልእክቱ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አይንኩ።

4. የሚያዩትን ከደብተሩ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ልክ የሽያጩ ዋጋ ከሆነ ዕቃውን ያስረክቡ፤ ካልሆነ አያስረክቡ።

የላኪውን ስም ማየትም ይጠቅማል። የባንኩ መልእክት CBE በሚል ስም፣ ከድሮዎቹ መልእክቶች ሥር ተከታትሎ ይመጣል፤ በ09 ወይም በ+2519 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ ሐሰተኛ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ትክክል መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የላኪን ስም አስመስሎ መላክ ይቻላልና። ደንበኛው በገዛ ስልኩ የሚያሳየው የደረሰኝ ፎቶማ ጨርሶ አይቆጠርም፤ ቀኑንም መጠኑንም መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሌላው ዘዴ ማስበለጥ ነው። ዕቃው 2,000 ብር ሆኖ መልእክቱ 20,000 ይላል፤ ሰውየው «ዜሮ ጨምሬ ተሳሳትኩ፣ 18,000ውን መልሺልኝ» ይላል። እዚህ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የራስዎ ጥሬ ገንዘብም ጭምር ነው። በችኮላ የሚለምን ሰው ሲያጋጥም ማጣራቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«ይዘገያል» የሚለው ምክንያት አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ከሌላ ባንክ የተላከ ገንዘብ ሊቆይ ይችላል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ *889# አልሠራ የሚልበት ጊዜም አለ። ሐቀኛ ደንበኛን ላለማስቀየም ዕቃውን በስሙ ለይተው ያስቀምጡለት፤ ሲገባ ደውለው ይንገሩት፤ ወይም በጥሬ ገንዘብ ይክፈል። ማጣራት ባልተቻለበት ሰዓት ግን በስልክ የተከፈለ ሽያጭ አይዝጉ። ረዳት ልጅ ሱቁን የሚጠብቅ ከሆነና ሒሳቡን ማየት ካልቻለ፣ ለእርስዎ ደውሎ «ገብቷል» ሳይባል ዕቃ እንዳይሰጥ ይንገሩት።

ዕቃው ከሄደ በኋላ ካወቁ መልእክቱን አያጥፉት። የላኪውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን ጽፈው በ951 ለንግድ ባንክ ያሳውቁ፤ ከዚያም ስልኩን እንደያዙ በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ያመልክቱ።